በሦስት ማርሽ ማንበብ፦ የአይልትስ ሪዲንግና 60 ደቂቃው

(ቅዳሜ ጠዋት ለአይልትስ፣ ማለትም ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ ለሚዘጋጁ ሰዎች የተናገርኩት ነው። ከድምፅ ቅጂው ስገለብጠው መደጋገሙን ቀነስኩ። ቀልዶቹን ግን አልነካኋቸውም፤ ያላሳቁትንም ጭምር።)

እንደምን አደራችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ኑ፣ አልነክስም።

በራሴ ጉድ ልጀምር። አይልትስን ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈተን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። አዎ፣ አስተማሪ! ሪዲንጉ ሲጀመር የመጀመሪያውን ምንባብ እንደ ዳዊት ደጋሚ በጥሞና አነበብኩት። የገባኝንም ያልገባኝንም አሰመርኩበት። ቀና ብዬ ሰዓቱን ሳየው 31 ደቂቃ ሄዷል። ሁለተኛውን በሩጫ ጨረስኩ። ሦስተኛው ላይ 9 ጥያቄ ባዶ ትቼ ወጣሁ። የሚያስቀው ደግሞ፣ ያን የመጀመሪያ ምንባብ ዛሬም ልተርክላችሁ እችላለሁ። ማንም ግን ተርክ አላለኝም።

ፈተናውን የማታውቁት ካላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የማወራው አካዳሚክ ስለሚባለው የፈተናው ዓይነት ነው። ሦስት ምንባብ አለ፣ 40 ጥያቄ አለ፣ 60 ደቂቃ አለ። ሦስቱ ምንባቦች ተደምረው ከ2,150 እስከ 2,750 ቃል ይሆናሉ። በወረቀት የምትፈተኑ ከሆነ በሊስኒንጉ መልስ ለመገልበጥ የሚሰጠው ተጨማሪ 10 ደቂቃ እዚህ የለም። መልሱን በዚያው በ60 ደቂቃ ውስጥ መልስ ወረቀቱ ላይ ማስፈር አለባችሁ። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ነጥብ ነው። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነገር የለም። ስለዚህ እኔ ያን ጊዜ ባዶ የተውኳቸው 9 ጥያቄዎች የዋህነት ነበሩ። ገምቼ ብሞላቸው ምን እጎዳ ነበር?

አሁን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አትፍሩ፣ ማካፈል ብቻ ነው።

ሦስቱም ምንባቦች አንድ ላይ 2,500 ቃል ናቸው እንበል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው የሆነ ጎልማሳ በዝምታ ሲያነብ በደቂቃ 240 ቃል ገደማ ይሄዳል። እኛ ግን እንቀንስ፣ 150 እንበል። 2,500ን ለ150 ስናካፍል 17 ደቂቃ ገደማ ይመጣል። አያችሁ? በቀስታ የሚያነብ ሰው እንኳ ሦስቱንም ምንባብ ከአናት እስከ ግርጌ በ17 ደቂቃ ይጨርሳል። 43 ደቂቃ ይተርፈዋል።

ታዲያ ሰዓቱ የት ይገባል? ሰዓቱን የሚበላው መመለስ ነው። ጥያቄ ቁጥር 4ን ያነባል፣ መልሱ የት እንደነበር አያስታውስም፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ምንባቡን እንደገና ያነባል። አንድ ምንባብ 850 ቃል ቢሆን ይህ ምልልስ ስድስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እንዲህ ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ለምንባቡ የተመደበው 20 ደቂቃ አለቀ። የመለሰው ግን ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው።

ስለዚህ «ፈጥኜ ማንበብ አልችልም» እያላችሁ የምትመጡት ሁሉ፣ ችግራችሁ ብዙውን ጊዜ ፍጥነት አይደለም። ዕቃችሁን የት እንዳስቀመጣችሁ አለማወቅ ነው። ቁልፉ የጠፋበት ሰው ቤቱን በሙሉ ይበረብራል። ቁልፉ ኮመዲኖው ላይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ገረፍታ ንባብና አሰሳ ንባብ ሲባል የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እንግሊዝኛ አስተማሪዎች ስኪሚንግና ስካኒንግ እንላቸዋለን። ሁለቱን ብዙ ሰው «ቶሎ ቶሎ ማንበብ» በሚል አንድ ከረጢት ይከታቸዋል። ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ገረፍታ የቱ ነገር የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ይሠራል። አሰሳ ካርታውን ይዞ ሄዶ አንድን ነገር ያመጣል። ሦስተኛ ደግሞ አለ፣ ስሙን ማንም አይጠራለትም። እሱም የተገኘውን አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል ማንበብ ነው። መኪና የምትነዱ ታውቁታላችሁ። አስፋልት ላይ በአራተኛ ማርሽ ትሄዳላችሁ፣ ቤታችሁ ደጃፍ ኮረኮንቹ ላይ ግን አንደኛ ታስገባላችሁ። በአንደኛ ከአዲስ አበባ አዳማ የሚሄድ ሰው ይመሽበታል። በአራተኛ ጊቢ ውስጥ የሚገባ ደግሞ አጥር ይገጫል።

እስቲ ከገረፍታው እንጀምር። ለአንድ ምንባብ ሁለት ደቂቃ ተኩል ስጡት፣ ቢበዛ ሦስት። ርዕሱንና ከሥሩ ያለችውን ማብራሪያ አንብቡ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሙሉውን አንብቡ፣ ስለምን እንደሚወራ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ አንቀጽ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በደንብ፣ የመጨረሻውን ደግሞ በጨረፍታ። መሀሉን ዓይናችሁ ብቻ ይለፍበት።

እዚህ ላይ የእኛ ልማድ ያስቸግረናል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አራት ነጥቡ ጋ እስክንደርስ ሰውዬው መጣ ይሁን አልመጣ አናውቅም። ስለዚህ ዓይናችን ዓረፍተ ነገርን እስከ ጫፍ መከተል ለምዷል። እንግሊዝኛ ማን ምን እንዳደረገ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት ተናግሮ፣ ዝርዝሩን ከኋላ ያስከትላል። በገረፍታ ጊዜ የዓረፍተ ነገሩን የፊት ግማሽ ይዛችሁ ጅራቱን ብትተዉት ብዙ አትጎዱም። በአማርኛ ጋዜጣ እንዲህ ብታደርጉ ግን ጉድ ትሆናላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ የአንቀጹ ዋና ሐሳብ አይደለም። አንዳንዱ ጸሐፊ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ያመኑትን ነገር ይነግራችሁና ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «ነገር ግን» ብሎ ይገለብጠዋል። ስለዚህ መሀሉን ስታልፉ «ሃውኤቨር»፣ «በት»፣ «ዬት» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ካያችሁ ቁሙ። የአንቀጹ ነፍስ ያለው ከእነሱ በኋላ ነው።

ደግሞ እያለፋችሁ ጻፉ። ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን ሁለት ወይም ሦስት ቃል። በአማርኛ ጻፉት! በጥያቄ ወረቀታችሁ ላይ የምትጭሩትን ማንም አያርመውም። «ገንዘብ አለቀ» ብሎ መጻፍ የሚቀላችሁ ከሆነ ለምን በእንግሊዝኛ ትጨነቃላችሁ? በኮምፒውተር የምትፈተኑ ደግሞ ምንባቡ በግራ፣ ጥያቄው በቀኝ ይሆናል። ወረቀት ላይ ዓይን «ቀኝ ገጽ፣ ወደ ላይ» ብሎ ቦታ ያስታውሳል። ስክሪን ላይ ግን ጽሑፉ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚንሸራተት ያ ትዝታ ይጠፋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ቁልፍ ቃል ቀለም ቀቡ። አንድ ብቻ። ሁሉም ነገር ቢጫ ከሆነ ምንም ነገር ቢጫ አይደለም።

አሰሳው ላይ ስንመጣ ደግሞ ፊደላችን ያላስተማረን አንድ ነገር አለ። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለም። «ከበደ» የሰው ስም ይሁን ዕቃው ከበደ ለማለት፣ የምናውቀው ዓረፍተ ነገሩን አንብበን ነው። እንግሊዝኛ ግን የሰው ስም፣ የአገር ስም፣ የወር ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ከትንንሾቹ መሀል ብቅ ብሎ ይታያል። ሳታነቡ ይታያል። አሃዝም እንዲሁ ነው። የትምህርተ ጥቅስ ምልክትም እንዲሁ። እኛ ግን ከልጅነታችን ስላልለመድነው ዓይናችን አይጠቀምበትም። ስታስሱ አታንቡ። ዓይናችሁን ከታች ወደ ላይ ብታስኬዱት እንኳ ይሻላል፣ ምክንያቱም ከታች ወደ ላይ ማንበብ አይቻልም። ስሙን ወይም ቁጥሩን መልቀም ብቻ ነው የሚቻለው።

ችግሩ፣ ጥያቄ አውጪው ይህን ያውቃል። ስምና ዓመተ ምሕረት መቀየር ስለማይችል ይተዋቸዋል። ሌላውን ቃል ግን ይለውጠዋል። ምንባቡ «ውድ» ካለ ጥያቄው «ብዙ ወጪ የሚጠይቅ» ይላል። ስለዚህ የማይለወጥ ነገር ያለበትን ጥያቄ በዓይን ታስሱታላችሁ፤ የማይለወጥ ነገር የሌለውን በካርታችሁ ትሄዱበታላችሁ።

ይህ ሁሉ ነፋስ ላይ እንዳይቀር አንድ ምንባብ እናንሳ። ለልምምድ እኔው የጻፍኩት ነው። ስለ ኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ነው። ዋናው በእንግሊዝኛ ነው፤ እጃችሁ ላይ ይደርሳል። አሁን ግን ይዘቱን በአማርኛ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሰባት አንቀጽ አለው፣ ከኤ እስከ ጂ። እኔ በገረፍታ ሳልፈው ጎኑ ላይ የጫርኩትን ላንብብላችሁ።

ኤ፦ «ከባቡር በፊት፣ ግመልና በቅሎ»። ቢ፦ «ፈቃድ፣ ኢልግ፣ 1894»። ሲ፦ «ሥራ ተጀመረ፣ ጅቡቲ፣ ሙቀት፣ ውሃ»። ዲ፦ «ሐረር ቀረ፣ ድሬዳዋ»። ኢ፦ «ገንዘብ አለቀ፣ አዲስ ኩባንያ»። ኤፍ፦ «የመጨረሻው መንገድ፣ አዲስ አበባ 1917»። ጂ፦ «ምን ለወጠ፣ አዲሱ ባቡር»።

በቃ። ይቺ ናት ካርታዋ። ሃያ ምናምን ቃል።

አሁን ጥያቄ 6ን እንየው። «ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዕቃ በእንስሳት መጫኑ ቀረ።» መልሱ ትሩ፣ ፎልስ ወይም ኖት ጊቭን ነው፤ ኖት ጊቭን ማለት ምንባቡ ስለዚያ አልተናገረም ማለት ነው። እስቲ ምን ታስሳላችሁ?

(አንዷ «1902!» አለች። ሌላው «በቅሎ» አለ።)

ጥሩ። 1902ን ያሰሰችው እህቴ አንቀጽ ዲ ላይ ታርፋለች። እዚያ ምን ይላል? መጀመሪያ የታሰበው መስመሩ ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ዳገቱ ስላስቸገረ በቆላው በኩል አለፈ፤ በ1902 ባቡሩ የደረሰበት ቦታ ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ሆነ ይላል። ስለ እንስሳት አንድም ቃል የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ኖት ጊቭን» ብሎ ያልፋል። በቅሎን ያሰስከው ወንድሜ ደግሞ አንቀጽ ኤ ላይ ታርፋለህ። እዚያ በቅሎና ግመል ሞልቷል፣ ግን ከባቡሩ በፊት ስለነበረው ዘመን ነው የሚያወራው። «አዎ፣ በቅሎ ድሮ ነበር፣ ባቡር ሲመጣ ቀረ» ብለህ «ትሩ» ትላለህ።

ሁለታችሁም ቃሉን አግኝታችኋል። ሁለታችሁም ተሳስታችኋል።

ጥያቄውን ደግማችሁ እዩት። የሚያወራው ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ስላለው መንገድ ነው። ካርታችን ላይ «የመጨረሻው መንገድ» ያልነው የቱ ነው? ኤፍ። ወደ ኤፍ ስትሄዱ 1902 እዚያም አለ፣ ለሁለተኛ ጊዜ። እንዲህ ይላል፦ ከ1902 በኋላም ከባሕር በባቡር የመጣ ዕቃ ድሬዳዋ ላይ እየወረደ ቀሪውን መንገድ በግመልና በበቅሎ ይጓዝ ነበር፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። መልሱ ፎልስ ነው። አሰሳ ብቻውን ሁለት የተሳሳተ ደጃፍ አንኳኳ። ትክክለኛውን በር ያሳየው ካርታው ነው።

ከዚህ አንድ ልማድ ውሰዱ። የምታስሱት ነገር ሲገኝ ወዲያው አትመልሱ። «ሌላ ቦታም አለ ወይ?» ብላችሁ ዓይናችሁን አንዴ እስከ መጨረሻው አስኬዱት። አምስት ሰከንድ ነው።

ኖት ጊቭን ደግሞ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። የሌለ ነገር ስትፈልጉ መቼ ነው የምታቆሙት? ጥያቄ 4 እንዲህ ይላል፦ «ለኢልግ ደመወዙን ይከፍል የነበረው የፈረንሳይ መንግሥት ነው።» ኢልግ በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር ቶሎ ይገኛል፤ አንቀጽ ቢ ላይ። ቀስ ብለን እናንብብ፦ አፄ ምኒልክ በ1894 ባቡሩን የመሥራት ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ፤ ለሥራው የሚሆነው ገንዘብ በአብዛኛው ከፈረንሳይ ይጠበቅ ነበር። ኢልግ አለ። ፈረንሳይ አለ። ገንዘብ አለ። ሦስቱም በአንድ አንቀጽ። እጃችሁ «ትሩ» ለመጻፍ ያሳክካችኋል። ግን ደመወዝ የሚል አለ? ለኢልግ ማን እንደሚከፍለው ተነግሯል? አልተነገረም። ከፈረንሳይ የሚጠበቀው ገንዘብ ለባቡሩ ሥራ እንጂ ለሰውዬው ደመወዝ ነው አልተባለም።

«ምናልባት ሌላ አንቀጽ ላይ ይኖር ይሆናል» የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። ሰዓት የሚበላው ይኸው ነው። እዚህ ጋ የሚያድናችሁ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ነው። የትሩ ፎልስ ጥያቄዎች መልስ በምንባቡ ውስጥ በጥያቄዎቹ ተራ ነው የሚገኘው። ጥያቄ 3 መልሱ ቢ መጀመሪያ ላይ ከነበረ፣ ጥያቄ 5 ደግሞ ስለ ሐረር ስለሆነ ዲ ላይ ከሆነ፣ የ4 መልስ ሊገኝ የሚችለው በሁለቱ መሀል ብቻ ነው። የቢን ቀሪና ሲን ማየት ይበቃል። ሲ ስለ ሙቀትና ስለ ውሃ ነው። የለም። ኖት ጊቭን። ወደሚቀጥለው!

ማለትም 4 ካስቸገራችሁ መጀመሪያ 5ን ሥሩ። አጥሩን አስቀምጡ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ግን ሁሉም የጥያቄ ዓይነት በተራ አይመጣም። ለአንቀጽ ርዕስ ምረጡ የሚለውና «ይህ መረጃ ያለው የትኛው አንቀጽ ላይ ነው?» የሚለው በተራ አይሄዱም። እኔ ርዕስ ምረጡን ከገረፍታው ቀጥዬ እሠራዋለሁ፣ ካርታ ስሠራ ግማሹን ጨርሼዋለሁና። «የትኛው አንቀጽ» የሚለውን ግን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። ሌሎቹን ስትሠሩ አንቀጾቹን እየለመዳችኋቸው ስለምትመጡ ያን ጊዜ ይቀላል። መጀመሪያ ላይ ቢመጣም ዝለሉት። ማንም በቅደም ተከተል መልሱ አላላችሁም። በወረቀት ከሆነ ብቻ፣ የዘለላችሁትን ቁጥር መልስ ወረቀቱ ላይም ዝለሉት። አንድ ቁጥር ከተንሸራተተ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አብሮ ይንሸራተታል።

ርዕስ መምረጡ ላይ አንዲት ወጥመድ ላሳያችሁ። ለአንቀጽ ዲ ሁለት አማራጭ አቅርቤያለሁ። አንዱ «ሐረር፣ ጥንታዊቷ የንግድ ከተማ» ይላል። ሌላው «ያልታሰበ መድረሻ»። ዲ ውስጥ ሐረር የሚለው ስም ሦስት ጊዜ ይመጣል። ያልታሰበ የሚል ቃል አንድም ጊዜ የለም። ባለፈው ሳምንት ይህን ክፍል ውስጥ ስሰጥ ከግማሽ በላዩ ሐረርን መረጠ። አንቀጹ ግን ስለ ሐረር ንግድ አያወራም። ሐረር ለምን እንደቀረች ነው የሚያወራው። በምንባቡ ውስጥ ያለ ቃል ርዕሱ ላይ ተገልብጦ ስታዩት ደስ አይበላችሁ። ጠርጥሩ።

ባዶ ቦታ ሙሉ ላይ ብዙ አልቆይም። «ከሁለት ቃል አይብለጥ» ካለ ሦስት ቃል ከጻፋችሁ ሐሳቡ ልክ ቢሆንም ስህተት ነው። ቃሉን ከምንባቡ እንዳለ ገልብጡ። አለቀ።

ወደ ሰዓቱ እንመለስ። 60 ደቂቃ አለን። ለሦስት ገረፍታ ዘጠኝ ደቂቃ እንቀንስ፣ 51 ይቀራል። ለ40 ጥያቄ ስናካፍለው ለአንዱ 76 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። አንዳንዱ በ30 ሰከንድ ያልቃል፣ ሌላው ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። እኔ የማስገድደው ደንብ አንድ ነው። ሁለት ደቂቃ የሞላው ጥያቄ ግምት ተሰጥቶት፣ ምልክት ተደርጎበት ይታለፋል። 20ኛው ደቂቃ ላይ ሁለተኛው ምንባብ፣ 40ኛው ላይ ሦስተኛው መጀመር አለበት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ስለሚከብድ የመጀመሪያውን በ17 ደቂቃ ብትጨርሱት ደግሞ ወርቅ ነው።

ልምምድ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። በልምምድ ፈተና ከ40 ውስጥ 24 አገኘች። የምትፈልገው ባንድ 7 ነው፤ በአካዳሚኩ ለእሱ 30 ገደማ ያስፈልጋል። «ቲቸር፣ ፍጥነት ነው ያጣሁት» አለችኝ። እሺ፣ ስህተቶችሽን እንቁጠራቸው አልኳት። ከ16ቱ ስህተቶች ፊት ለፊት አንዳንድ ፊደል ጻፍን። ቦታውን ካላገኘችው «ቦ»። ቦታውን አግኝታ የተነበበውን ከተሳሳተች «ን»። ሰዓት አልቆባት ከሆነ «ሰ»። ውጤቱ ምን ሆነ? ቦ ሦስት፣ ሰ አራት፣ ን ዘጠኝ!

ልጅቷ ፈጣን ነበረች። እንዲያውም ከልክ በላይ። ቃሉን ስታየው ተስፈንጥራ ትመልስ ነበር። «ሁሉም» እና «አብዛኛው»፣ «ታቀደ» እና «ተሠራ» ለእሷ አንድ ነበሩ። ስለዚህ ፍጥነት እንድትጨምር አላደረግኩም። ቦታውን ካገኘች በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ከነጎረቤቱ፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ፣ ጣቷን እያስኬደች እንድታነብ ብቻ ነገርኳት። አንደኛ ማርሽ። ከአምስት ሳምንት በኋላ 29 አገኘች።

የእናንተ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል። «ቦ» ከበዛ ገረፍታችሁ ደካማ ነው። ምንባብ በሁለት ደቂቃ ተኩል እያለፋችሁ፣ ወረቀቱን ገልብጣችሁ የየአንቀጹን ነገር በሁለት ቃል ጻፉ። «ሰ» ከበዛ ደግሞ የሁለት ደቂቃውን ደንብ እየጣሳችሁ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ በየቀኑ አንድ ሙሉ ፈተና መሥራት ግን ያንኑ ስህተት መደጋገም ይሆናል።

እሺ፣ ጥያቄ ካላችሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።

(አንድ በሃምሳዎቹ ያሉ ነርስ፦ «ልጄ፣ ጥያቄዎቹን አስቀድሜ ላንብብ ወይስ ምንባቡን? አንዱ አስተማሪ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይለኛል።»)

ጋሼ፣ አስተማሪዎች በዚህ እንደተጣላን እናረጃለን። እኔ የምለው እንዲህ ነው። 15 ሰከንድ ወስደው የጥያቄዎቹን ዓይነት ብቻ ይዩ። ርዕስ ምረጡ አለበት? ባዶ ቦታ አለበት? ከዚያ ገረፍታውን ያድርጉ። ከዚያ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ። አሥራ ሦስቱንም ጥያቄ አስቀድመው ቢያነቧቸው ምንባቡ ጋ ሲደርሱ አሥሩን ረስተዋቸዋል። እኔም እረሳለሁ፣ የዕድሜ ነገር አይደለም።

(ከመሀል አንዲት ወጣት፦ «የማላውቀው ቃል በጣም ከበዛስ? ገረፍ ሳደርገው ምንም አይገባኝም።»)

እውነቱን ልንገርሽ እህቴ። በየመስመሩ ሁለት ሦስት የማታውቂው ቃል ካለ ይህ ሁሉ ያልኩት ብልሃት አይሠራልሽም። ገረፍታ የሚሠራው አብዛኛውን ቃል በጨረፍታ ለሚለይ ዓይን ነው። ስለዚህ ለአንቺ ፈተናውን ሁለት ወር መግፋትና በየቀኑ ቀለል ያለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በብዛት ማንበብ ይሻልሻል። የመመዝገቢያው ክፍያ ቀላል አይደለም፣ ለሙከራ አይከፈልም። ግን በየአንቀጹ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ከሆነ የማታውቂው፣ ተያቸው። የሳይንስ ቃል ከሆነ ጸሐፊው ራሱ አጠገቡ ይተረጉመዋል፣ ወይም ጥያቄው አይነካውም። ቃሉን እንደ ሰው ስም ቁጠሪው። ትርጉሙን ባታውቂም የት እንዳለ ታውቂያለሽ፣ ለአሰሳ ይበቃሻል።

በሉ፣ ወረቀቱ እየታደለ ነው። ገና አትገልብጡት። ያ የባቡሩ ምንባብ ነው፣ መልሱን የነገርኳችሁን ሦስቱን ጥያቄ አውጥቼ በሌላ ተክቻለሁ፣ ስለዚህ አትደሰቱ። ስልክ ያላችሁ ሰዓቱን ሁለት ደቂቃ ተኩል ላይ ሙሉት። እርሳስ ብቻ ያዙ። ሲጮህ ወረቀቱን ትገለብጡና ከጀርባው ሰባት መስመር ትጽፋላችሁ፣ ለአንድ አንቀጽ አንድ መስመር፣ በአማርኛም ይሁን በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ። ሁላችሁም ደርሷችኋል? ከኋላስ? እሺ፣ ጀምሩ።